የዌቢናር ሰዓት ለሲያትልም ለሪያድም ግልጽ ሆኖ እንዲነበብ፦ እኔ የምጽፈው እንዴት ነው?

የዌቢናር ማስታወቂያ በለጠፍኩ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ያው ነው፦ «ሰዓቱ በፈረንጅ ነው በሀበሻ?» ቀጥሎ ከሲያትል «ለእኛስ ስንት ሰዓት ነው?» ይባላል። ከዱባይ ደግሞ «እኛ ከሪያድ ጋር አንድ ነን እንዴ?» ይመጣል።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የጤና ባለሙያዎች ባሉበት አንድ የበጎ ፈቃድ ቡድን ውስጥ ማስታወቂያ የማዘጋጀት ሥራ የእኔ ነው። ተከታዮቻችን ግን የሌሉበት የለም። ዋሽንግተን አካባቢ አሉ፣ ሚኒሶታ አሉ፣ ስቶክሆልምና ፍራንክፈርት አሉ፣ እስራኤል፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ሜልቦርን ሳይቀር። በመጋቢትና በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ስለ ስኳር ሕመም ሦስት ተከታታይ ዌቢናሮች አዘጋጅተን ነበር። ሰዓት አጻጻፍ ላይ የማውቀውን ሁሉ የፈተነኝ ያ ጊዜ ስለሆነ በእሱ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን አገር ቤት ያለውን ችግር እንጨርስ። ከዚያ በፊት በተመልካችነት የተመዘገብኩበት የሌላ ቡድን ዌቢናር ነበር። ፖስተሩ ላይ የተጻፈው «ቅዳሜ 3:00 PM በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚል ነው። ይህን ጽሑፍ ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ያነበዋል። PM የሚለውን ያየ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው ይላል። «በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚለውን ያየ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው ይላል። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። እኔ በ9 ሰዓት ገባሁ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ እንደኔ የገቡ ሌሎችም ነበሩ፣ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ «አልጀመራችሁም?» ይላሉ። አዘጋጁ ያሰበው ምሽቱን ነበር። PM ማለት ለእሱ «ማታ» ማለት ነው፣ 3 ደግሞ አፉ የለመደው 3 ነው። ሞኝነት አይደለም። ስልኩ 9:00 PM ይለዋል፣ እሱ ለሰው ሲናገር «3 ሰዓት ማታ» ይላል። ሲጽፍ ሁለቱን አጋባቸው።

«በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚለው ሐረግ ብቻውን የትኛውንም አይነግርም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ሰዓት ማለት ሊሆን ይችላል፣ በሀበሻ የሚቆጠረው ማለትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ ከማስታወቂያዬ አውጥቼዋለሁ። «አዲስ አበባ» ብዬ ከተማዋን እጽፋለሁ። አዲስ አበባ በሚለው መስመር ላይ ደግሞ AM እና PM ፈጽሞ አይገቡም። የምጽፈው እንዲህ ነው፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት (21:00)።

21:00 የሚለውን የጨመርኩት ለጌጥ አይደለም። በሀበሻ አቆጣጠር ከ12 በላይ ቁጥር የለም። 21 ያየ ሰው ይህ የፈረንጁ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፣ ስልኩም ላይ ማንቂያ ሲሞላ አይሳሳትም። ጠዋት ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። 09:00 ብትጽፉ «9 ሰዓት» ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። እዚያ ላይ የሚያድነው «ከጠዋቱ» የሚለው ቃል ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩን ብቻውን የማልተወው። ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ፣ አንዱ ሁልጊዜ ከፊቱ አለ። የፖስተር ሠሪያችን ቦታ ጠበበኝ ሲለኝ የምቀንሰው ሌላ ነገር እንጂ ይህን ቃል አይደለም።

ወደ ውጪው እንሂድ። እዚያ የሚያስቸግረው ሰዓት መቀየራቸው ነው።

ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም። ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ልክ እንደኛ ናቸው። ዱባይና አቡዳቢ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ፣ እነሱም አይቀይሩም። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይራሉ፣ የሚቀይሩበትም ቀን አንድ አይደለም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሁድ ሰዓቱን ወደፊት ትገፋለች። አውሮፓ እስከ ማርች የመጨረሻው እሁድ ትቆያለች። እስራኤል ደግሞ ከዚያ እሁድ በፊት ባለው አርብ ትቀይራለች። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ በቃል የያዛችሁት ልዩነት ሁሉ አይታመንም።

የእኛ ዌቢናር የወደቀው ልክ እዚያ መሃል ነው። ተናጋሪዋ ሐኪም ዋሽንግተን ነው የምትኖረው። በየካቲት አጋማሽ ቀጠሮ ስንይዝ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ 1:00 PM ነበር፣ ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ነውና። «1 ሰዓት ከቀኑ ይመቸኛል» አለች፣ ካላንደሯ ላይም አስገባች። ዌቢናሩ ግን መጋቢት 6 ነው፣ በፈረንጅ ማርች 15። አሜሪካ ሰዓት የቀየረችው ማርች 9 ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ይሆናል። የእሷ 1:00 PM ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት መሆኑ ነው። እሷ ካላንደሯን፣ እኛ ፖስተራችንን ይዘን ብንቀጥል በአንድ ሰዓት እንተላለፍ ነበር።

ስለዚህ ምንም ከማስታወቄ በፊት አንድ ነገር ወሰንን። የማይነቃነቀው የማን ሰዓት ነው? እኔ የአዲስ አበባው ይሁን አልኩ። ምክንያቴ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ሰዓት ስለማትቀይር ከእሷ ጋር አንድ የሆኑት የባህረ ሰላጤው ሰዎች በሦስቱም ጊዜ ሰዓታቸው አይለወጥባቸውም። ወሩ ረመዳንም ነበር፣ ከአፍጥር ጋር የሚጋጭ ሰዓት ውስጥ መግባት አልፈለግንም። ሐኪሟን መልሼ ደወልኩላት። «ሰዓት ስለምትቀይሩ ያንቺ 2:00 PM ይሆናል፣ ይመችሻል?» አልኳት። ተመቻት፣ ካላንደሯን አስተካከለች። ተናጋሪው ራሱ የሚኖርበት ከተማ ሰዓት ከቀየረ ይህን ስልክ አትዝለሉ። ተመልካች ቢያረፍድ ቅጂውን ያያል፣ ተናጋሪ ቢያረፍድ ግን ዌቢናር የለም።

ከዚያ የጻፍኩት ማስታወቂያ ይህ ነበር፦

```
ቅዳሜ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. (ማርች 15, 2025)

አዲስ አበባ፣ ሪያድ፣ ጅዳ፣ ዶሃ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት (21:00)
ዱባይ፣ አቡዳቢ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት (22:00)
እስራኤል፦ 20:00
ስቶክሆልም፣ ፍራንክፈርት፣ ሮም፦ 19:00
ለንደን፦ 18:00
ዋሽንግተን ዲሲ፣ አትላንታ፦ 2:00 PM
ሚኒያፖሊስ፣ ዳላስ፦ 1:00 PM
ሲያትል፣ ሎስ አንጀለስ፦ 11:00 AM
```

እዚህ ላይ PM መኖሩን አይታችኋል። አሜሪካ ያለ ሰው በስልኩም በሥራ ቦታውም የሚያየው እሱን ነው፣ ለእሱ 14:00 ብዬ ብጽፍ ቆም ብሎ ያሰላል። አውሮፓና እስራኤል ያለው ደግሞ 19:00 እና 20:00 ለምዷል። የባህረ ሰላጤውን ከአዲስ አበባ ጋር በሀበሻም በፈረንጅም የጻፍኩት እዚያ ያሉ እህቶቻችን ቤተሰብ ጋር ሲደውሉ በሀበሻ ስለሚያወሩ ነው። እያንዳንዱን ከተማ ነዋሪው በለመደው መንገድ መጻፍ ፖስተሩን ትንሽ ዥንጉርጉር ያደርገዋል። ያድርገው። አንባቢው የሚፈልገው የራሱን መስመር ብቻ ነው።

EST፣ PST እያልኩ አለመጻፌንም ልብ በሉ። ብዙ ሰው ዓመቱን ሙሉ EST ይላል፣ ነገር ግን EST የክረምታቸው ሰዓት ስም ነው። ሰዓት ከገፉ በኋላ EDT ይባላል። ዲሲ ያለ ሰው «2 PM EST» ቢያነብ የራሱን ሰዓት አይቶ በትክክል ይገባል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ግን ያንኑ ጽሑፍ ሰዓት መቀየሪያ ውስጥ ቢያስገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ብሎ ሊመልስለት ይችላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ዘገየ ማለት ነው። የከተማ ስም እንዲህ አያደርግም። ማጠር ካለበት ET በቂ ነው፣ እሱ ክረምትም በጋም ያገለግላል።

ሁለተኛው ዌቢናር መጋቢት 20 ነበር፣ ማርች 29። ፖስተር ሠሪያችን የድሮውን ከፍቶ ቀኑን ብቻ ሊቀይር ነበር። አዲስ አበባ ያው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነዋ! እስራኤል ግን ከአንድ ቀን በፊት ሰዓቷን ገፍታለች። የእነሱ 20:00 ወደ 21:00 ተቀየረ፣ ከእኛ ጋር እኩል ሆኑ። አውሮፓ የምትቀይረው በማግስቱ ሌሊት ስለነበር 19:00 ላይ ቆየች። ሦስተኛው ሚያዝያ 4 ላይ ሲመጣ ደግሞ ስቶክሆልምና ፍራንክፈርት 20:00፣ ለንደን 19:00 ሆኑ። አሜሪካ በሦስቱም አልተነካችም። ያው አንድ ሰዓት ሦስት የተለያየ ዝርዝር ወጣው። ተከታታይ ዝግጅት ካላችሁ ለእያንዳንዱ ቀን ዝርዝሩን ከባዶ አስሉት። በመጸው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አውሮፓና እስራኤል ሰዓታቸውን የሚመልሱት በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ነው፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ። መሃል ላይ ያለችው አንዲት ሳምንት ናት፣ ግን ዌቢናር ሁልጊዜ እሷን ፈልጎ የሚወድቅ ይመስለኛል።

ሜልቦርን ፖስተሩ ላይ የለም። እዚያ እሁድ ከንጋቱ 5:00 ነበር፣ በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ 4:00። ያን ሰዓት በትልቁ መጻፍ ማሾፍ ይመስላል። ለእነሱ «ቅጂው እሁድ ይለጠፋል» ብዬ ለብቻ ነገርኳቸው። ለሁሉም የሚመች ሰዓት የለም፣ የማይመቸውን ሰው አስቀድሞ መንገር ይሻላል።

ቀኑ ራሱ የሚያምታታበት ጊዜም አለ። አንዴ አሜሪካ ያሉ አባሎቻችን አርብ ከሥራ መልስ 6:00 PM በዲሲ እንዲሆን ጠየቁ። በእኛ ይህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ቀኑስ? እኛ ሌሊቱን ከዋለው ቀን ጋር ስለምንቆጥር «አርብ ሌሊት» እንላለን። ስልካችን ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ቅዳሜ ይላል። «ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ብላችሁ ብትጽፉ ደግሞ ግማሹ ሰው ቅዳሜ አምሽቶ ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን «አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት (በስልክ ላይ ቅዳሜ 01:00)» ብሎ መዘርዘር ነው። ረጅም ነው፣ ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ያን ዝግጅት በመጨረሻ ወደ ሌላ ሰዓት አዛወርነው፣ ማን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ስለ ደም ግፊት ይሰማል?

አሁን ወደ ዙም። ፖስተሩ ያማረ ቢሆንም ሰው ሲመዘገብ ከዙም የሚደርሰው ኢሜይል ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል። አካውንቱ የተከፈተው ዋሽንግተን ባለ አባላችን ስለነበር ዝግጅቱን ሲፈጥር Time Zone የሚለው ቦታ ራሱ በራሱ በዋሽንግተን ሰዓት ተሞላ። ኢሜይሉም 02:00 PM Eastern Time (US and Canada) ሊል ነው። ደሴ ያለ ሰው ይህን ሲያይ ፖስተሩን ማመኑን ያቆማል። ስለዚህ Time Zone የሚለውን ወደ አዲስ አበባ ቀይሩት። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ ከሌለች Nairobi ን ምረጡ፣ ናይሮቢና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። ያኔ ኢሜይሉ 09:00 PM Nairobi ይላል።

ይህም ቢሆን አገር ቤት ላለ ሰው ሙሉ መልስ አይደለም። 09:00 አይቶ «9 ሰዓት» የሚል አለ፣ «ናይሮቢ ነው እንዴ ዝግጅቱ?» የሚልም አለ። እኔ የማደርገው ሰዓቱን በዌቢናሩ ርዕስ ውስጥ መክተት ነው። «ከስኳር ሕመም ጋር መኖር፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት» ብዬ ርዕስ እሰጠዋለሁ። ርዕሱ ኢሜይሉም ላይ ካላንደሩም ላይ አብሮ ስለሚሄድ ሰዓቱ ሰው ባለበት ሁሉ ይከተለዋል።

ዝርዝሩ ውስጥ ከተማው ለሌለ ሰው ደግሞ ወደ ካላንደር የሚያስገባ ሊንክ ከሥር አደርጋለሁ። የጉግል ካላንደር ሊንክ በእጅ መጻፍ ይቻላል፦

```
https://calendar.google.com/calendar/render?action=TEMPLATE&text=Webinar&dates=20250315T180000Z/20250315T193000Z
```

ቁልፉ ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችው Z ናት። ሰዓቱ በዩቲሲ መጻፉን ትናገራለች። ከአዲስ አበባው 21:00 ላይ ሦስት ቀንሱ፣ 18:00 ይሆናል። የመጀመሪያው መነሻ ነው፣ ሁለተኛው ማብቂያ። ሰውየው ሊንኩን ሲነካ ካላንደሩ ባለበት አገር ሰዓት ቀይሮ ያሳየዋል። Z ን ከረሳችሁ ሊንኩ ይሠራል፣ ግን 18:00ን እንደየራሱ አገር ሰዓት ሊወስደው ይችላል፣ ይህ ደግሞ ሳይታወቅ የሚያልፍ ስህተት ነው። ይህን መጻፍ ለሚከብደው timeanddate.com ላይ Event Time Announcer የሚባል ገጽ አለ። ከተማና ሰዓት ትሞላላችሁ፣ የብዙ ከተሞችን ሰዓት የሚያሳይ ሊንክ ይሰጣችኋል። የእኔንም ስሌት ከመለጠፌ በፊት የማመሳክረው በእሱ ነው። ከዚያ በላይ የማምነው ግን ሰው ነው። ፖስተሩን ከመልቀቄ በፊት ሲያትል፣ ስቶክሆልምና እስራኤል ላለ አንድ አንድ ሰው እልካለሁ። የምጠይቀው «ትክክል ነው?» ብዬ አይደለም፣ እንዲያ ከጠየቅኳቸው ሁሉም «አዎ» ይላሉ። «አንተ ጋ በስንት ሰዓት ትገባለህ?» ነው የምለው።

የቀረው የዕለቱ ማስታወሻ ነው። «ከ1 ሰዓት በኋላ እንጀምራለን» ብላችሁ አትጻፉ። አንዱ አንድ ሰዓት ቀረው ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ምሽት 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ይላል። «60 ደቂቃ ቀርቶናል» ሲባል ለሁሉም አገር ያው ነው። ያም ሆኖ ቴሌግራም ላይ ያ መልእክት ዘግይቶ ወደ ሌላ ግሩፕ ይላካል፣ ስለዚህ ከሥሩ የከተሞቹን ዝርዝር መልሼ እለጥፋለሁ። ፖስተሩም ያለ ጽሑፍ ብቻውን ስለሚዞር ሰዓቶቹ በምስሉ ላይ መኖር አለባቸው።

ለእስራኤል የምልከው ማስታወሻ ግን አርብ ጠዋት ነው የሚሄደው። ሰንበት የሚያከብሩት ቅዳሜ ቀን ስልካቸውን አያዩም፣ ሰንበቱ ምሽት ላይ ሲወጣ ደግሞ እኛ ለመጀመር ብዙ አይቀረንም።